አምፖሉ ተነቅሎ ብረቱ ሆልደር ውስጥ ሲቀር

«የመታጠቢያ ቤታችንን አምፖል ልቀይር ሳሽከረክረው ብርጭቆው ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ፤ ብረቱ ግን ሆልደሩ ውስጥ ተጣብቋል። ማብሪያ ማጥፊያውን አጥፍቼዋለሁ። በፒንሳ ይዤ ባወጣው ኮረንቲ ይይዘኛል? ድንች ይሻላል የሚሉኝም አሉ።»

ማብሪያ ማጥፊያው ጠፍቷል ማለት ሆልደሩ ላይ ኮረንቲ የለም ማለት አይደለም። ስለዚህ ፒንሳውን ለጊዜው ያስቀምጡት። ብረቱን ማውጣት አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ከዚያ በፊት የሚሠራው ግን ትንሽ ረዘም ይላል፤ እኔም መልሴን የማስረዝመው እዚያ ላይ ነው።

መጀመሪያ የምንነጋገርበትን ነገር እንለይ። የሚሽከረከር አምፖል ሁለት ብረቶች አንዱ ባንዱ ውስጥ ገብተው የሚሠሩበት ነገር ነው። ውጭኛው የሆልደሩ ነው፤ ከግድግዳው ወይም ከጣሪያው ጋር የታሰረና ሽቦ የተያያዘበት። ውስጠኛው የአምፖሉ ነው፤ በጣም ስስ ስለሆነ ከዚህ በኋላ ቆርቆሮው እያልኩ እጠራዋለሁ። ከሆልደሩ ግርጌ፣ መሃል ላይ፣ አንዲት ትንሽ የብረት ምላስ አለች። ኮረንቲው ባንዱ ገብቶ በሌላው የሚመለሰው በዚህችው ምላስና በጎኑ ብረት በኩል ነው።

በደንቡ ከተሠራ ኮረንቲውን ይዞ የሚመጣው ሽቦ፣ ማለትም ፌዙ፣ የሚያያዘው ከምላሷ ጋር ነው፤ ኮረንቲው የሚመለስበት ኒውትራሉ ደግሞ ከጎኑ ብረት ጋር። ማብሪያ ማጥፊያውም ፌዙን እንጂ ኒውትራሉን አይቆርጥም። እንዲህ ከሆነ ማብሪያውን ሲያጠፉት ሆልደሩ በእርግጥ ይሞታል። ችግሩ ይህን ሳይጠብቅ የተሠራ ቤት ብዙ መሆኑ ነው። ሠራተኛው ሁለቱን ሽቦዎች አቀያይሮ ቢያስር አምፖሉ ያው ይበራል፣ ሲያጠፉትም ያው ይጠፋል፤ ለዓመታት ማንም አይነቃበትም። የሚታወቀው አንድ ቀን ሰው እጁን ወይም ፒንሳውን ወደዚያ የሰደደ ጊዜ ነው።

አንድ ያጋጠመኝን ልንገርዎት። የእርስዎ ዓይነት ነገር ነበር፤ የመታጠቢያ ቤት ጣሪያ ላይ ያለ የሸክላ ሆልደር፣ አምፖሉ ተነቅሎ ቆርቆሮው የቀረ። ባለቤቱ ማብሪያውን አጥፍቶ ጠበቀኝ። መልቲሜትሬን በቆርቆሮው ጠርዝና መሃል ላይ ቆማ በቀረችው ሽቦ መካከል አድርጌ ለካሁ፤ ሁለት ሦስት ቮልት እያለ ይዋልላል። እዚያ ላይ ባቆም ኖሮ «የለም» ብዬ ፒንሳ አነሳ ነበር። አንደኛውን ጫፍ ከግራውንድ ጋር አገናኝቼ ሌላውን ጠርዙ ላይ ሳደርገው ግን 224 ቮልት አሳየኝ። የሆነው ምንድን ነው? ፌዙ በቀጥታ፣ ማብሪያውን ሳይነካ፣ ወደ ጎኑ ብረት መጥቷል። ማብሪያው የሚቆርጠው ወደ ምላሷ የሚሄደውን ኒውትራል ነበር። ማብሪያው ሲጠፋ ምላሷ ከምንም ጋር ያልተያያዘች ሽቦ ሆነች፤ ካልተያያዘ ሽቦ ጋር ሲለካ ደግሞ መልቲሜትሩ ቁም ነገር አይነግርም። በሁለቱ መካከል ምንም የለም፤ በአንደኛውና በመሬት መካከል ግን ሰው የሚገድል ቮልት አለ። መሰላል ላይ ቆሞ ቧንቧ ወይም እርጥብ ግድግዳ የተደገፈ ሰው ደግሞ መሬት ማለት እሱ ነው።

በዚህ ምክንያት ነው «ማብሪያውን አጥፍቻለሁ» ሲሉኝ የማልቀበልዎት። የብሬከር ሳጥኑ ዘንድ ሄደው የመብራቱን ብሬከር ያውርዱ። ሳጥኑ ላይ የተጻፈውንም ቢሆን በሙሉ ልብ አይመኑት። ከላይ በነገርኩዎት ቤት «መብራት» የሚለውን ብሬከር ሳወርድ ጠርዙ ላይ ያለው 224 ቮልት ንቅንቅ አላለም። ለካ የመታጠቢያ ቤቱ መብራት ከሶኬቶቹ መስመር ተቀጥሎ የመጣ ነበር። ሦስተኛውን ሳወርድ ጠፋ።

እንግዲህ አለካኩን ላስረዳ። ከሌላ ብሬከር የሚሠራ ሶኬት ላይ አንድ ኤክስቴንሽን ሰክተው መሰላሉ አጠገብ፣ ደረቅ ቦታ ላይ ያስቀምጡ። ይህ ኤክስቴንሽን ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ የግራውንድ መገናኛው (በጎን ያሉት ብረቶች ወይም ሦስተኛው ቀዳዳ) ለልኬቱ መሬት ይሆንልዎታል። ሁለተኛ፣ መልቲሜትሩ መሥራት አለመሥራቱን እዚያው ያዩበታል። መልቲሜትሩን ወደ ተለዋዋጭ ኮረንቲ ቮልት ያዙሩት፤ መጠን የሚመረጥበት ከሆነ ከ250 በላይ ያለውን ይምረጡ። ከዚያ በኤክስቴንሽኑ ፌዝና ግራውንድ መካከል ይለኩ። 220 ወይም 230 ገደማ ካሳየ መልቲሜትሩም ግራውንዱም ይሠራሉ ማለት ነው። ምንም ካላሳየ ሁለተኛውን ቀዳዳ ይሞክሩ፤ ፌዙ እዚያኛው ሊሆን ይችላል። በሁለቱም ካላሳየ ግራውንዱ ላይመጣ ስለሚችል፣ በዚያ ልኬት ተመርኩዘው ወደ ሆልደሩ አይሂዱ።

ቀጥሎ ያለው ነገር ለብዙ ሰው ግራ ይሆናል። ብሬከሩን ካወረዱ በኋላ ማብሪያ ማጥፊያውን ያብሩት። አዎ፣ ያብሩት። ያወረዱት የተሳሳተ ብሬከር ቢሆንና ማብሪያው ጠፍቶ ቢቆይ፣ ፌዙ ማብሪያው ላይ ቆሞ ይቀርና መልቲሜትርዎ ዜሮ ያሳያል። እርስዎ ሥራ ላይ ሳሉ አንዱ ልጅ ወደ ክፍሉ ሲገባ እንደ ልማዱ ቢጫነው ኮረንቲው ወደ ፒንሳዎ ይመጣል። ማብሪያው በርቶ ከለኩ ግን የተሳሳተው ብሬከር ወዲያውኑ ይጋለጣል። ስለዚህ ማብሪያው እንደበራ ሦስት ቦታ ይለኩ፤ በጠርዙና በግራውንድ መካከል፣ በመሃሏ ሽቦና በግራውንድ መካከል፣ በጠርዙና በመሃሏ ሽቦ መካከል። ከዚያ ማብሪያውን አጥፍተው ሦስቱንም ይድገሙ። ሁሉም ባዶ ከሆኑ ተመልሰው ኤክስቴንሽኑ ላይ አንዴ ይለኩ፤ ባትሪው መሃል መንገድ ላይ ያለቀ መልቲሜትርም ዜሮ ያሳያልና።

«የመሃሏ ሽቦ» ያልኩት ምን እንደሆነ ላሳይዎት። ከታች በባትሪ መብራት ወደ ላይ ቢያዩ የቆርቆሮውን ክብ ጠርዝ፣ በዙሪያው የተጠረማመሰ ነጭ ማጣበቂያ፣ መሃል ላይ ደግሞ የብርጭቆ ጉቶና ከሱ የወጡ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ያያሉ። አንዷ ሽቦ ወደ ጎን ታጥፋ ከጠርዙ ጋር ተበይዳለች። ሌላዋ ቀጥ ብላ ወደ ውስጥ ገብታ ከአምፖሉ መጨረሻ ጋር ትገናኛለች፤ ወደ ምላሷ የምታደርስዎት እሷ ናት። አንዳንዴ ጉቶው ከሥሩ ተሰብሮ ይህች ሽቦ አብራ ትሄዳለች። ያኔ ምላሷን በመልቲሜትር መድረስ አይቻልም፤ ቆርቆሮው ሸፍኗታል። እንዲህ ከሆነ ዋናውን ማጥፊያ አውርደው የቤቱን ኮረንቲ በሙሉ ያጥፉ። እንዲያውም ልኬቱ ባዶ ቢሆንም ወደ ሥራው ሲገቡ ዋናውን ማውረድ ይሻላል፤ በቀን ብርሃን ይሥሩ፣ ኤክስቴንሽኑንም ነቅለው ያውርዱት። ብሬከሩን የሚነካ እንዳይኖር ላዩ ላይ ናስትሮ ይለጥፉበት፣ ለቤተሰቡም ይንገሩ።

ጫፏ ላይ ትንሽ መብራት ያላት የቴስተር ካቻቢቴ ብቻ ካለችዎት ለዚህ ሥራ አትበቃም። እሷ የምትበራው በእርስዎ ሰውነት በኩል ወደ መሬት በሚያልፍ እጅግ ጥቂት ኮረንቲ ነው። ደረቅ የእንጨት መሰላል ላይ በወፍራም ጎማ ጫማ ቆመው ከሆነ ያ መንገድ ይጠባል፤ ፌዝ እያለም መብራቷ ፈዝዞ ወይም ጭራሽ ሳይታይ ሊቀር ይችላል። በራች ማለት ኮረንቲ አለ ነው። አልበራችም ማለት ግን የለም ማለት አይደለም።

እዚህ ላይ የተሰበረው አምፖል ምን ዓይነት እንደሆነ ይለዩ። የድሮው የሽቦ አምፖል ከሆነ ያለብዎት የብርጭቆ ስባሪ ብቻ ነው። የተጠማዘዘ ቱቦ ያለው ቆጣቢ አምፖል ከሆነና ቱቦው ከተሰበረ ውስጡ ጥቂት ሜርኩሪ አለው። መስኮት ከፍተው ሰው ሁሉ ከክፍሉ ይውጣ፤ አሥር ደቂቃ ያህል አየር ይዘዋወርበት። ስባሪውን በመጥረጊያም ሆነ በመምጠጫ ማሽን አይጥረጉ፣ ብናኙን ይበትነዋል። በወፍራም ወረቀት ሰብስበው፣ ደቃቁን በሚያጣብቅ ናስትሮ አንስተው፣ በእርጥብ ወረቀት ጠርገው፣ ሁሉንም ክዳን ባለው ማሰሮ ይክደኑት። ኤልኢዲ ከሆነ ደግሞ ብርጭቆ የሚመስለው ፕላስቲክ ተላቆ ከቆርቆሮው ጋር ትንሽ የወረዳ ሰሌዳ ተንጠልጥላ ትቀር ይሆናል። እሷ ላይ ያለው ትንሽ በርሜል መሳይ ዕቃ ኮረንቲ ከጠፋም በኋላ ለጊዜው ቮልት ይዞ ሊቆይ ይችላል፤ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ፣ በእጅዎም አይንኩት።

አሁን ወደ ፒንሳው እንምጣ። የሚያስፈልግዎት አፉ ቀጭንና ረጅም የሆነ፣ እጀታው የተሸፈነ ፒንሳ ነው። ፊትዎን ወደ ላይ አንጋጠው ስለሚሠሩ የዓይን መከላከያ መነጽር ያድርጉ፤ የማየት መነጽር ከጎን ክፍት ስለሆነ አይበቃም። ወፍራም ጓንት፣ ከታች ደግሞ ሰፊ ጨርቅ። ጓንቱ ለብርጭቆው እንጂ ለኮረንቲው አይደለም፤ የሥራ ጓንት ኮረንቲ ይከላከላል ብለው አያስቡ። ጠርዙ ላይ ተጣብቀው የቀሩትን ስለታም ስባሪዎች በፒንሳው አንድ በአንድ እየቆነጠሩ ወደ ጨርቁ ይጣሉ። መሃል ያለውን ጉቶ ካላስቸገረዎት ይተዉት።

ከዚያ ወዲያው ይዘው አያሽከርክሩ። መጀመሪያ የትኛው ብረት የማን እንደሆነ በደንብ ይዩ። ሁለቱ ተደርበው አንድ ይመስላሉ፤ ብዙ ሰው በቆርቆሮው ፋንታ የሆልደሩን ብረት ይዞ ያጣምምና ሆልደሩን ያበላሻል። መለያው ነጩ ማጣበቂያ ነው። ማጣበቂያው የተጣበቀበት ብረት የአምፖሉ ነው፣ የሚወጣውም እሱ ነው። ማጣበቂያው የሌለበትን ውጭኛውን አይንኩት።

ቀጥሎ የሚመጣው ብዙዎች የማያውቁት ዘዴ ነው። ቆርቆሮው ለምን ተጣበቀ? ከሆልደሩ ጥርስ ጋር በዙሪያው ስለተጫነ። በተለይ ቆርቆሮው አሉሚኒየም ሆኖ የሆልደሩ ብረት ነሐስ ከሆነ፣ የመታጠቢያ ቤት እንፋሎት በሁለቱ መካከል እየገባ አሉሚኒየሙን ይበላዋል፤ ከዚያ የሚፈጠረው ነጭ ዱቄት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ሁለቱን እንደ ሽብልቅ ያጣብቃቸዋል። ብርጭቆውን የያዘው ማጣበቂያ ደግሞ በአምፖሉ ሙቀት ለዓመታት ደርቆ ተሰንጥቋል። እርስዎ ሲያሽከረክሩ የላላው እሱ ነው። ታዲያ በዙሪያው የተጫነን ነገር በጉልበት ከመጠምዘዝ ይልቅ ዙሪያውን ማጥበብ ይሻላል። የፒንሳውን አንድ አፍ በማጣበቂያው በኩል ወደ ውስጥ፣ ሌላውን በሁለቱ ብረቶች መካከል አስገብተው የቆርቆሮውን ጠርዝ ወደ መሃል ያጥፉት። ፒንሳው በመካከላቸው አልገባ ካለ ከውጭ በቀጭን ካቻቢቴ ጫፍ ቀስ ብለው ፈልቀቅ ያድርጉት። በዙሪያው ሦስት አራት ቦታ እንዲህ ሲያጥፉት ክቡ ይጠባል፣ ከሆልደሩ ጥርስም ይላቀቃል። ማጣበቂያው እየፈረሰ ይወርዳል፤ ይውረድ።

አሁን ከታጠፉት ቦታዎች አንዱን አጥብቀው ይዘው ሰዓት ከሚዞርበት በተቃራኒ ያዙሩ። ጣሪያ ላይ ሲሆን «ተገልብጧል እኮ» ብለው አቅጣጫውን የሚቀይሩ አሉ። አይቀይሩ። የሆልደሩን አፍ ፊት ለፊት እያዩ እስከሆነ ድረስ፣ ጣሪያም ይሁን ግድግዳ፣ ወደ ግራ ነው። በሌላው እጅዎ ሆልደሩን ራሱን ይያዙት። ካልያዙት አብሮ ይዞርና ከኋላው ያሉት ሽቦዎች ይጠመዘዛሉ፤ በገመድ የተንጠለጠለ ሆልደር ከሆነ ይህ ወዲያው ይመጣል። የሸክላ ከሆነ ደግሞ በጉልበት አይጨምቁት፣ ይሰነጠቃል።

ቆርቆሮው እየወጣ ነው ወይስ ሆልደሩ አብሮ እየዞረ? ይህን የሚለዩበት መንገድ አለ። የተለመደው ትልቁ አምፖል የብረቱ ስፋት 27 ሚሊሜትር ነው፤ ጥርሱ በአንድ ሙሉ ዙር 3.6 ሚሊሜትር ገደማ ይወጣል። ግማሽ ዙር ካዞሩ ጠርዙ ወደ ሁለት ሚሊሜትር ያህል መውረድ አለበት፣ በዓይን ይታያል። ካልወረደ አንድም ጠርዙ ብቻ እየተጠመዘዘ ነው፣ አንድም የሆልደሩ የውስጥ ብረት ከቤቱ ተላቆ አብሮ እየዞረ ነው። ያኔ ያቁሙ።

ቢነቃነቅም እየጮኸ ከተያዘ በአንድ አቅጣጫ ብቻ አይግፉት። ሩብ ዙር ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ፣ እንደገና ሩብ ዙር ወደ ግራ። ዱቄቱ በዚህ መሃል እየተፈጨ ይራገፋል። እኔ በነገርኩዎት ቤት የመጀመሪያውን ጠርዝ ስይዝ እንደ ወረቀት ተቀዶ እጄ ላይ ቀርቶ ነበር፤ አሉሚኒየሙ በስብሷል። ሦስት ቦታ ካጠፍኩት በኋላ ግን በሁለተኛው ሙከራ ክርር ብሎ ሁለት ሚሊሜትር ወረደ፤ ከዚያ ወዲህና ወዲያ እያልኩ አራት ዙር ገደማ ላይ እጄ ላይ ወደቀ። ጥርሱ ላይ እንደ ኖራ ያለ ነጭ ነገር በቅሎበት ነበር።

የፒንሳውን አፍ ገጥሞ ቆርቆሮው ውስጥ ማስገባትና እጀታውን ከፍቶ ከውስጥ ወደ ውጭ እየገፉ ማዞር የሚባል ሌላ መንገድ አለ። ብዙ ሰው የሚጠቀመው ይህንን ነው፤ ቆርቆሮው ካልተበላ ይሠራል። ለተጣበቀ ግን አልመክረውም፤ ቆርቆሮውን ይበልጥ ወደ ሆልደሩ ጥርስ ስለሚጭነው የተያዘውን ያጠብቀዋል። የፒንሳው ጫፍም ጠልቆ ምላሷን ሊያጣምማት ይችላል።

ስለ ድንቹ ጠይቀውኛል። ድንች ይሠራል የሚባለው የቀሩት ስባሪዎች ሲወጉት ስለሚይዝ ነው። የእርስዎ ዓይነት ብርጭቆው ከሥሩ ተነቅሎ የወጣ ከሆነ የሚወጋው ነገር እንኳ የለም። ከዚያም ድንች ውሃ ነው፤ ሲጨመቅ ጭማቂው ወደ ሆልደሩ ይገባል፣ ኮረንቲ ያስተላልፋል፣ ኮረንቲው ጠፍቶ ቢሆንም እዚያው ደርቆ ብረቱን ያዝገዋል። እንዲህ የዛገ ሆልደር ቀጣዩንም አምፖል ይይዝብዎታል። ስባሪው ብዙ ሆኖ ፒንሳ አልገባ ካለና የግድ የሚጫን ነገር ከፈለጉ፣ የሚያጣብቀው ፊት ወደ ውጭ ሆኖ የተጠቀለለ ወፍራም ናስትሮ ድንቹ የሚሠራውን ሁሉ ይሠራል፣ ውሃም የለውም።

ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት መንፋትስ? ሆልደሩ ጣሪያ ላይ ስለሆነ የሚነፉት ግማሹ ፊትዎ ላይ ይወርዳል፣ ግማሹ ሽቦው ወዳለበት ይገባል። ብዙዎቹ በእሳት የሚያያዙ ናቸው፣ አንዳንድ ፕላስቲክም ያሰነጥቃሉ። ጠርዙን ማጠፉ ካልሠራ ዘይቱም ብዙ አይረዳዎትም፤ ሆልደሩን መቀየር ነው።

በነገራችን ላይ አምፖሉ የማይሽከረከር፣ ሁለት ጉጦች ያሉትና ተገፍቶ የሚታጠፍ ዓይነት ከሆነ መጠምዘዝ ብቻ አያወጣውም። ጠርዙን በፒንሳ ይዘው መጀመሪያ ወደ ውስጥ፣ ከታች ያሉትን ስፕሪንጎች እስኪጫን ይግፉት፤ እንደተገፋ ትንሽ ወደ ግራ ሲያዞሩት ጉጦቹ ከመያዣቸው ይወጣሉ። ጠርዝ ማጠፉ ለዚህኛው አያስፈልግም።

ቆርቆሮው ሲወጣ ሆልደሩን በባትሪ መብራት ይመልከቱት። ዋናው ጠፍቶ ሳለ ነው ይህ ሁሉ። ነጩን ዱቄት በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ያራግፉ። ምላሷ ወደ ግርጌው ተጋድማ ከሆነ በካቻቢቴ ጫፍ ጥቂት ሚሊሜትር ቀና ያድርጓት፤ ተጋድማ ከቀረች አዲሱ አምፖል አይነካትም ወይም በመሃል ብልጭታ እየፈጠረች ትጠቁራለች። ቀድሞ በመልቲሜትር ያልደረሱባት ከሆነ አሁን ተገልጣለችና ሳይነኳት በፊት ኤክስቴንሽኑን መልሰው ሰክተው እሷንም ከግራውንድ ጋር ለክተው ይመልከቱ። ምላሷ በቃጠሎ ጠቁራ ከተቦረቦረች፣ ሸክላው ከተሰነጠቀ፣ የውስጡ ብረት በእጅ ሲነኩት ከተነቃነቀ፣ ወይም የሽቦው ልባስ ደርቆ እየተቀረፈ ከሆነ ሆልደሩ አብቅቷል። አዲስ አምፖል ለማስገባት አይሞክሩ።

ደህና ከሆነ አዲሱን አምፖል ዋናው እንደጠፋ ያስገቡ። ብርጭቆውን ሳይሆን በተቻለ መጠን ወደ ብረቱ የቀረበውን ክፍል ይዘው ያሽከርክሩ። ምላሷን ሲነካ እጅዎ ይሰማዋል፤ ከዚያ ጥቂት ጨምረው ያቁሙ። እንዳይጣበቅ ብለው ቫዝሊን አይቀቡት፤ ሲሞቅ ቀልጦ ምላሷ ላይ ይወርድና አቧራ ይሰበስባል። የመታጠቢያ ቤቱ እንፋሎት ቆርቆሮውን የበላው ከሆነ የሚረዳው የተዘጋ፣ እርጥበት የማያስገባ የመብራት ዕቃ ነው። በሆልደሩ ላይ ከተጻፈው ዋት አለመብለጥም አለ፤ ኤልኢዲ ሲሆን ሙቀቱ ስለሚቀንስ ይህ ብዙ ጊዜ በራሱ ይፈታል።

አንድ ነገር ቀረ። ሲለኩ ያዩትን ይጻፉት። ብሬከሩን ከማውረድዎ በፊት ማብሪያው ጠፍቶ ሳለ ሆልደሩ ላይ ኮረንቲ መኖሩን ሆን ብለው አይለኩ፤ ያ የሠራተኛ ሥራ ነው። ነገር ግን የመብራት ብሬከሩ ወርዶ ኮረንቲ ካገኙ፣ ወይም ማብሪያው ጠፍቶ እያለ አምፖሉ ደብዘዝ ብሎ የሚበራበት ጊዜ ከነበረ፣ ሠራተኛ ጠርተው እንዲህ ይበሉት፦ «ማብሪያው የሚቆርጠው ፌዙን ነው ኒውትራሉን? ሆልደሩ ላይስ ፌዙ ምላሷ ላይ ነው ጎኑ ላይ? ሁለቱንም ከግራውንድ ጋር ለክተህ አሳየኝ።» የማብሪያውን ሽቦ አስተካክሎ ሆልደሩ ላይ ሁለቱን ለማቀያየር ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም።